የሜሪላንድ ላይሰንስ ይዤ ቨርጂኒያ ሆስፒታል ማመልከት እችላለሁ? ማስታወቂያውን አይታችሁ ምከሩኝ

ማርቲ_ሲልቨር

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳኝን ነገር ላማክራችሁ ነው። ሰሜን ቨርጂኒያ ያለ አንድ ሆስፒታል የታካሚ የልብ ምት በሞኒተር ለሚታይበት ለቴሌሜትሪ ክፍል አርኤን፣ ማለትም ነርስ ይፈልጋል። ፈረቃው የማታ ነው። ቀን ልጆቼን የምይዘው እኔ ስለሆንኩ ለእኔ የተሰፋ ሥራ ነው የመሰለኝ።

ማስታወቂያው ሪኳየርድ ብሎ የጻፈው ይሄን ነው። የቨርጂኒያ ወይም የኮምፓክት አርኤን ላይሰንስ። ሥራ በሚጀመርበት ቀን የአሜሪካን ሃርት አሶሴሽን ቢኤልኤስ፣ የመሠረታዊ ሕይወት አድን ሥልጠና ካርዱ ማለት ነው። በተቀጠሩ በ6 ወር ውስጥ ከፍ ያለው የልብ ሕይወት አድን ሥልጠና፣ ኤሲኤልኤስ። ፕሪፈርድ ያለው ደግሞ ቢኤስኤን፣ የነርሲንግ ባችለር ዲግሪ፣ እና 1 ዓመት የአኪዩት ኬር፣ ሆስፒታል የተኙ ታካሚዎችን የመያዝ ልምድ ነው። በ10 ቀን ውስጥ ይዘጋል። ኦሪየንቴሽኑ ከዛሬ 6 ሳምንት በኋላ ነው።

እኔ ጎንደር ነው የተማርኩት፣ በዲግሪ። እዚያው ሰርጂካል ዋርድ 4 ዓመት ሠርቻለሁ። በዲቪ መጥቼ የነርስ ላይሰንስ ፈተናውን፣ ኤንክሌክስን ካለፍኩ 14 ወር ሆኖኛል። ላይሰንሴ የሜሪላንድ ነው። አሁን ነርሲንግ ሆም፣ ከሆስፒታል ወጥተው ለአጭር ጊዜ ለሪሃብ የሚመጡ ታካሚዎች ክፍል፣ 11 ወር ሆነኝ። ቢኤልኤስ አለኝ፣ ኦንላይን ነው የወሰድኩት። አብዛኛውን አሟላለሁ ብዬ አስባለሁ። ምን ትላላችሁ?

ዳኒ_703

ማርቲ እንኳን ደስ አለሽ፣ ምንም አትጨነቂ። ሜሪላንድም ቨርጂኒያም በአንዱ ስቴት ላይሰንስ በሌላው በሚያሠራው ስምምነት፣ በኮምፓክት ውስጥ ናቸው። እኔ በሜሪላንድ ላይሰንሴ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ 3 ዓመት ሠርቻለሁ፣ አንድ ቀን እንኳን የጠየቀኝ ሰው የለም። ዛሬውኑ አፕላይ አድርጊ።

ማርቲ_ሲልቨር

ዳኒ ተባረክ! ልቤ መለስ አለ።

ሲስተር_አበበች

ልጄ ማርታ፣ ከመላክሽ በፊት አንዴ ቆም በይ። ዳኒ ያለው ግማሹ ልክ ነው። ሁለቱም ስቴቶች ኮምፓክት ውስጥ ናቸው፣ እውነት ነው። ግን ስቴቱ አባል ሆነ ማለት ያንቺ ላይሰንስ ኮምፓክት ሆነ ማለት አይደለም። ሜሪላንድ ሁለት ዓይነት ላይሰንስ ነው የምትሰጠው። አንዱ በአባል ስቴቶች ሁሉ የሚያሠራ ነው፣ ሌላው ሜሪላንድ ውስጥ ብቻ። ካርድ ታትሞ በማይሰጥበት በዚህ ዘመን በእጅሽ ይዘሽ የምታዪው ነገር ስለሌለ ብዙ ሰው የትኛው እንዳለው አያውቅም።

አሁን ይሄን አድርጊ። nursys.com ግቢና QuickConfirm የሚለውን ክፈቺ። ነጻ ነው። ስምሽን ወይም የላይሰንስ ቁጥርሽን አስገቢ። ሦስት ነገር እይልኝ። ላይሰንሱ Active ይላል ወይ? የሚያበቃው መቼ ነው? ከሁሉም በላይ ደግሞ Multistate ነው የሚለው ወይስ Single State? ኤችአር የሚያየው ይሄንኑ ገጽ ነው። ሪዙሜሽ ላይ የጻፍሽውን አምነው አይቀጥሩሽም፣ ከምንጩ ነው የሚያጣሩት። ስለዚህ እነሱ ከማየታቸው በፊት አንቺ እይው።

ማርቲ_ሲልቨር

ሲስተር አሁን አየሁት። Active ይላል። የሚያበቃበት ገና ከአንድ ዓመት በላይ ነው። ግን Single State ይላል። እጄ ተንቀጠቀጠ። ለምን? ያጠፋሁት ነገር አለ?

ሲስተር_አበበች

ምንም አላጠፋሽም፣ አይዞሽ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ላይሰንሱን ስታመለክቺ አድራሻሽ የት ነበር?

ማርቲ_ሲልቨር

ዲሲ፣ አክስቴ ቤት። ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ከገባሁ 8 ወር ነው።

ሲስተር_አበበች

በቃ ምክንያቱ እሱ ነው። የኮምፓክት ላይሰንስ የሚሰጠው በምትኖሪበት ስቴት ነው። የምትሠሪበት ወይም ፈተናውን ያለፍሽበት ስቴት አይደለም የሚታየው። የምትኖሪበት ስቴት ደግሞ አባል መሆን አለበት። ዲሲ አባል አይደለችም። ስለዚህ ዲሲ እየኖርሽ ከሜሪላንድ ብታመለክቺ የሚሰጡሽ ለሜሪላንድ ብቻ የሚሆነውን ነው። የኛ ልጆች ብዙዎቹ መጀመሪያ ሲመጡ ዲሲ ዘመድ ቤት ያርፋሉ፣ ወረቀቱን እዚያ አድራሻ ይጀምሩታል፣ በኋላ ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ይገባሉ። ላይሰንሱ ግን አብሯቸው አይቀየርም። ቤት ስለቀየርሽ ብቻ ራሱ ወደ ኮምፓክት አይዞርም፣ ማመልከት አለብሽ።

መልካሙ ዜና አሁን ሜሪላንድ ስለምትኖሪ ማስቀየር ትችያለሽ። ለቦርዱ የመቀየሪያ ማመልከቻ ትሞያለሽ፣ የጣት አሻራ ትሰጫለሽ፣ ነዋሪነትሽን ታሳያለሽ። ነዋሪነት የሚታየው በመንጃ ፈቃድ፣ በመራጭነት ካርድ፣ ወይም ታክስ ባስገባሽበት አድራሻ ነው። መንጃ ፈቃድሽ የየት ነው?

ማርቲ_ሲልቨር

አሁንም የዲሲ ነው። ታክስም በዲሲ አድራሻ ነው ያስገባሁት።

ሲስተር_አበበች

እንግዲያው የመጀመሪያው ሥራሽ የሜሪላንድ ኤምቪኤ ሄደሽ መንጃ ፈቃድ መቀየር ነው። ከዚያ ነው ቦርዱ። በዲሲ መንጃ ፈቃድ ሜሪላንድ ነው የምኖረው ብትያቸው ወረቀቱን ይመልሱብሻል፣ ቀኑም በከንቱ ይሄዳል።

ዳኒ_703

ሲስተር ይቅርታ፣ እኔ ይሄን አላውቅም ነበር። እኔ ከመጀመሪያውም ሜሪላንድ ሃያትስቪል ነበር የምኖረው፣ ለዚያ ነው መሰለኝ ያልገጠመኝ። ማርቲ ይቅርታ።

የአዱ_እናት

እህቶቼ እኔም ይሄው ነው ችግሬ። ሜሪላንድ የነርስ ረዳት፣ ጂኤንኤ ነኝ፣ 6 ዓመት ሠርቻለሁ። ባለቤቴ ቨርጂኒያ ቤት አገኘ። እንግዲህ እኔም ኮምፓክቱን ላውጣ ማለት ነው? አሻራውን የት ነው የሚሰጡት?

ሲስተር_አበበች

እናቴ፣ ያንቺ ከማርታ ይለያል። ይሄ ኮምፓክት ለአርኤን እና ለኤልፒኤን ብቻ ነው። ለነርስ ረዳቶች፣ ለሲኤንኤ እና ለጂኤንኤ አይሠራም። ጂኤንኤ የሚባለውም ሜሪላንድ ነርሲንግ ሆም ለሚሠሩ የወጣ የሜሪላንድ ስያሜ ነው፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ማስታወቂያ ላይ አታገኚውም። አንቺ የምትጠይቂው የቨርጂኒያ ነርሲንግ ቦርድን ነው። የሜሪላንዱን መዝገብሽን አይተው በኢንዶርስመንት ሲኤንኤ ይመዘግቡሻል። ሥራሽን ከመልቀቅሽ በፊት ጀምሪው። መዝገቡ ላይ ቅጣትም ሆነ ጊዜው ያለፈበት ነገር እንዳይኖር ደግሞ ቀድመሽ እይ።

የአዱ_እናት

እሺ እግዜር ይስጥሽ። አሻራውስ?

ሲስተር_አበበች

ማመልከቻውን ስትጀምሪ ራሳቸው ምን እንደሚፈልጉ ይነግሩሻል። ቀድመሽ ሌላ ቦታ ሄደሽ እንዳትከፍዪ።

ብሩክ_ታኮማ

እኔ ግን አንድ ነገር ልበል። ሰዎች በጣም ታስጨንቃላችሁ። ማስታወቂያ ማለት የሚመኙት ዝርዝር ነው። እኔ አይቲ ነው የምሠራው፣ ከተጻፈው ግማሹን እያሟላሁ ገብቻለሁ። ማርቲ አብዛኛውን አሟላለሁ እያለች ነው። ትላክ፣ ከዚያ ራሳቸው ይወስኑ።

ወንድም_ካሌብ

ብሩክ፣ በአይቲ ልክ ነህ። በፕሪፈርድ ላይም ልክ ነህ። ላይሰንስ ላይ ግን አይሠራም። ላይሰንስ የሌለው ሰው ታካሚ ቢነካ ሆስፒታሉም ነርሷም በሕግ ይጠየቃሉ። ማናጀሩ ወደዳት አልወደዳት የሚለውጠው ነገር የለም። አራቱን አሟልታ ላይሰንሱ ባይኖር 80 ፐርሰንት አሟላች አይባልም፣ አላሟላችም ነው የሚባለው።

ሲስተር_አበበች

ካሌብ ያለው ነው። እኔ 19 ዓመት በነርስነት ስሠራ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ቅጥር ላይ እቀመጥ ነበር። ሪዙሜው ለእኔ ከመድረሱ በፊት ፎርሙ ላይ አዎ ወይም አይደለም የሚባሉ ጥያቄዎች አሉ። ላይሰንስ ላይ አይደለም ያለ ሰው እኔ ጋ አይደርስም። ጎበዝ መሆኑን አላውቅም፣ ስሙንም አላየሁትም። በሐሰት አዎ ያለ ደግሞ ማጣሪያው ላይ ይያዛል፣ ያኔ ኦፈሩ ይሰረዛል። ሁለተኛ እዚያ ሆስፒታል ሲያመለክትም ይሄ መዝገብ ላይ ይቆየዋል።

ለዚህ ነው ማርታ፣ ከማስታወቂያው ይልቅ ፎርሙ ላይ ያለውን ጥያቄ ቃል በቃል አንብቢልኝ። አፕላይ የሚለውን ተጭነሽ ጥያቄዎቹን እይና ሳትልኪ ተመለሺ።

ማርቲ_ሲልቨር

አየሁት ሲስተር። ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ነው። "የቨርጂኒያ ወይም የኮምፓክት አርኤን ላይሰንስ አለዎት፣ ወይም ሥራ ከሚጀምሩበት ቀን በፊት ማግኘት ይችላሉ?" ይላል። ቢኤልኤስ ላይ ደግሞ "በሥራ መጀመሪያ ቀን የአሜሪካን ሃርት አሶሴሽን ቢኤልኤስ ይኖርዎታል?" ነው። ሦስተኛው "ቢያንስ 1 ዓመት የአኪዩት ኬር አርኤን ልምድ አለዎት?" ይላል። ይሄኛው ማስታወቂያው ላይ ፕሪፈርድ ነበር፣ ፎርሙ ላይ ግን ቁርጥ ያለ ጥያቄ ሆነ። ግራ ገባኝ።

ሲስተር_አበበች

ጥሩ። ያቺ "ወይም" የምትል ቃል ናት በር የከፈተችልሽ። "አሁን አለዎት?" ቢል ኖሮ መልስሽ አይደለም ነበር፣ ላይሰንሱን አስቀይረሽ ሌላ ማስታወቂያ ትጠብቂ ነበር። አሁን ግን የሚለካው ሥራ በሚጀመርበት ቀን ነው። ስለዚህ ቀን እንቁጠር። 6 ሳምንት 42 ቀን ነው። ኤምቪኤ በዚህ ሳምንት። አሻራና ማመልከቻ በዚያው ሳምንት መጨረሻ። ከዚያ ቦርዱ እጅ ላይ ነው። ስንት ቀን እንደሚወስድባቸው ማንም ቃል ሊገባልሽ አይችልም፣ እኔም አልገባም። 42 ቀን ሊበቃ ይችላል፣ ላይበቃም ይችላል። አዎ በይና ማስታወሻ በሚጻፍበት ቦታ ላይ እውነቱን አስቀምጪ። "የሜሪላንድ ላይሰንሴ አሁን ለሜሪላንድ ብቻ ነው፣ ወደ ኮምፓክት ለማስቀየር በዚህ ቀን አመልክቻለሁ" በይ። ማመልከቻውን በእውነት ካስገባሽ በኋላ ነው ግን ይሄን የምትጽፊው።

ማርቲ_ሲልቨር

ለምን በቀጥታ የቨርጂኒያን ላይሰንስ አላወጣም? እሱ አይፈጥንም?

ሲስተር_አበበች

ይቻላል፣ በኢንዶርስመንት። ግን የምትኖሪው ሜሪላንድ ስለሆነ ቨርጂኒያ የምትሰጥሽ ለቨርጂኒያ ብቻ የሚሆነውን ነው። ሁለት ላይሰንስ፣ ሁለት ክፍያ፣ በየሁለት ዓመቱ ሁለት እድሳት ይሆንብሻል። የኮምፓክቱ አንድ ሆኖ ለሁለቱም ይበቃል። ቦርዱ ሲዘገይ ካየሽ እንደ መጠባበቂያ ትይዢዋለሽ፣ እንጂ ከዚያ አትጀምሪ።

ወንድም_ካሌብ

ቢኤልኤሱን ደግሞ እንይ። ማርቲ ኦንላይን ስትዪ አሻንጉሊት ላይ ተጭነሽ ታይተሻል ወይስ ቪዲዮ አይተሽ ጥያቄ መልሰሽ ሰርተፊኬት ወጣልሽ?

ማርቲ_ሲልቨር

ቪዲዮና ጥያቄ ብቻ። በአንድ ሰዓት ተኩል ጨረስኩት። ነርሲንግ ሆሙ ተቀብሎኛል።

ወንድም_ካሌብ

ያ አይሆንም። የአሜሪካን ሃርት አሶሴሽንም ኦንላይን የሚጀመር አለው፣ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ግን የእነሱ ኦንላይን ክፍል ሲያልቅ አሠልጣኝ ጋ ሄደሽ በእጅሽ መሥራትሽ መታየት አለበት፣ ያለዚያ ካርዱ አይወጣም። ካርዱ ላይ ኮድ አለው፣ ሆስፒታሉ ኮዱን አስገብቶ ያጣራዋል። ያንቺን ፒዲኤፍ ክፈቺና የአሜሪካን ሃርት አሶሴሽን ስም በግልጽ አለበት ወይ? "መመሪያቸውን የተከተለ" ምናምን የሚል ከሆነ የእነሱ አይደለም።

ማርቲ_ሲልቨር

"የተከተለ" ነው የሚለው። በትንሹ ከታች ተጽፏል። እስከዛሬ አላነበብኩትም ነበር።

ወንድም_ካሌብ

ግማሽ ቀን ነው የሚፈጅብሽ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ክፍል የሚያዘጋጁ ብዙ አሉ። ካርዱ ለ2 ዓመት ነው የሚያገለግለው። ስትመዘገቢ ግን ስምሽን ላይሰንስሽ ላይ እንዳለው አድርገሽ ጻፊ። ይሄን የምልሽ ከደረሰብኝ ነው። የእኔ ስም ፓስፖርቴ ላይ በሲ ነው የሚጀምረው፣ ቢኤልኤሴ ላይ ያሠለጠነኝ ሰውዬ በኬ ጻፈው፣ ላይሰንሴ ላይ ደግሞ የአባቴ ስም መሀል ገብቶ የአያቴ ስም ላስት ኔም ሆነ። ሦስት ወረቀት፣ ሦስት ሰው። ኦፈር ካገኘሁ በኋላ ይሄን ለማስተካከል 3 ሳምንት ፈጀ፣ ኦሪየንቴሽኑም አለፈኝ። በስም አጻጻፍ ብቻ።

ሔለን_ዲሲ

ይሄን ሁሉ ሳነብ ደነገጥኩ። የእኔ ላይሰንስ የሜሪላንድ ነው፣ ኮምፓክት ነው፣ እርግጠኛ ነኝ። ከ2 ወር በፊት ግን ኪራይ ተወዶብኝ ከእህቴ ጋር ለመኖር ዲሲ ገባሁ። የምሠራው አርሊንግተን ነው። እኔን የሚመለከት ነገር አለ?

ሲስተር_አበበች

አለ ሔለንዬ፣ በደንብ አለ። ዲሲ ለጊዜው አርፈሽ ነው ወይስ ቤትሽ እሱ ሆኗል?

ሔለን_ዲሲ

ውሉ ላይ ስሜ አለ። መንጃ ፈቃዴንም ባለፈው ሳምንት የዲሲ አስቀየርኩ።

ሲስተር_አበበች

እንግዲያው ስሚኝ። አባል ወዳልሆነ ቦታ ቤትሽን ስታዞሪ ያ ላይሰንስ ለሜሪላንድ ብቻ ወደሚሆን ይቀየራል። መዝገቡ ላይ Multistate እንዳለ ቢቆይም የቆየው አንቺ ስላልነገርሻቸው ነው። አርሊንግተን ደግሞ ቨርጂኒያ ነው። ቀጣዩ ፈረቃሽ መቼ ነው?

ሔለን_ዲሲ

ነገ ማታ።

ሲስተር_አበበች

ነገ ጠዋት ከፈረቃው በፊት ሁለት ስልክ ደውዪ። አንዱ የሜሪላንድ ቦርድ፣ አድራሻ መቀየርሽን ንገሪያቸውና ላይሰንሱ ምን እንደሆነ ጠይቂ። ሌላው የቨርጂኒያ ቦርድ፣ በኢንዶርስመንት ለማመልከት ምን እንደሚፈልጉ ጠይቂ። ከዚያ ለማናጀርሽ ንገሪ። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ፣ ደሞዝ ነው። ግን ራስሽ ቀድመሽ ስትናገሪና ሌላ ሰው ሲያገኝብሽ አንድ አይደለም። ያለ ላይሰንስ ሠራች ተብሎ መዝገብሽ ላይ አንድ ነገር ከገባ ወደፊት በየፎርሙ የምትመልሺው ጥያቄ ይሆንብሻል።

ዳኒ_703

ሲስተር፣ ከሜሪላንድ ወደ ቨርጂኒያ ቤት ብትቀይርስ? ሁለቱም አባል ናቸው።

ሲስተር_አበበች

ያ ይቀላል። በ60 ቀን ውስጥ በአዲሱ ስቴት ታመለክታለች፣ ከ2024 ጀምሮ ሕጉ ቀኑን እንዲህ ቆርጦታል። ወረቀቱ እስኪያልቅ በድሮው ትሠራለች። ሥራ አይቋረጥባትም።

ሔለን_ዲሲ

አመሰግናለሁ ሲስተር። ጠዋት እደውላለሁ። ዛሬ እንቅልፍ የለም።

ወንድም_ካሌብ

ወደ ማርቲ ልመለስ። የአኪዩት ኬሩ ጥያቄ ላይ እኔ አይደለም ማለት አለባት ባይ ነኝ። ነርሲንግ ሆም አኪዩት አይደለም፣ ሪሃብ ቢሆንም። ታካሚው ከሆስፒታል ወጥቶ ነው እነሱ ጋ የሚመጣው። ቴሌሜትሪ ክፍል ያለ ማናጀር ይሄን ሲያይ ወዲያው ነው የሚያውቀው። እና 11 ወር 1 ዓመት አይደለም።

ዳኒ_703

ጎንደር ሰርጂካል ዋርድ 4 ዓመትስ? ኦፕራሲዮን የወጣ ታካሚ መያዝ አኪዩት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ጥያቄው አሜሪካ ውስጥ አላለም።

ወንድም_ካሌብ

አላለም፣ ግን አብዛኞቹ የአሜሪካን ነው የሚያስቡት። "አርኤን ልምድ" ይላል። ጎንደር ስትሠራ አርኤን አልነበረችም፣ የኢትዮጵያ ነርስ ነበረች።

ሲስተር_አበበች

እኔ እዚህ ላይ ከካሌብ እለያለሁ። ሥራው የሆስፒታል ሥራ ነው፣ በዲግሪ የተመዘገበች ነርስ ነበረች። ብትቀርብልኝ እኔ እቆጥርላት ነበር። ሌላ ማናጀር ግን ላይቆጥር ይችላል፣ ሲከለክሉም አይቻለሁ። ስለዚህ መገመቱን ትተሽ ሪክሩተሯን ጠይቂ። በኢሜይል፣ በሁለት መስመር። "4 ዓመት ኢትዮጵያ ውስጥ በሆስፒታል ሰርጂካል ዋርድ፣ 11 ወር አሜሪካ ውስጥ በሪሃብ ክፍል። ለዚህ ጥያቄ የቱን ትቆጥራላችሁ?" ብለሽ። መልሱ በጽሑፍ ሲመጣ አስቀምጪው።

እና ማርታ፣ የተመረቅሽበትን ዓመት ፎርሙ ላይ ምን ብለሽ ጻፍሽ?

ማርቲ_ሲልቨር

ገና አልላክሁም። ዲፕሎማዬ ላይ ሰኔ 2008 ነው የሚለው። እሱን ልጽፍ ነበር።

ሲስተር_አበበች

ሰኔ 2008 በኛ ነው። በፈረንጅ ጁን 2016 ነው። 2008 ብለሽ ብትጽፊ ከትምህርት ማረጋገጫ ሪፖርትሽ ጋር አይገጥምም። ሲያነቡት ደግሞ ከምረቃ በኋላ 8 ዓመት ሥራ ፈትታ የቆየች ትመስያለሽ። ሥራ የጀመርሽበትንም ወር እንደዚሁ ቀይሪው። ቢኤስኤኑንም ከዚያው ሪፖርት እይ፣ ዲግሪሽ ከአሜሪካ ባችለር ጋር ይመጣጠናል የሚል ዓረፍተ ነገር ካለ እሱን ነው የምትይዢው።

ብሩክ_ታኮማ

ቅድም ያልኩትን አንስቻለሁ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን አላውቅም ነበር።

ማርቲ_ሲልቨር (ከ9 ቀን በኋላ)

ያደረግኩትን ልንገራችሁ። መንጃ ፈቃዴ የሜሪላንድ ሆኗል። አሻራ ሰጥቻለሁ፣ የመቀየሪያ ማመልከቻው ገብቷል። ቅዳሜ ቢኤልኤስ ወሰድኩ፣ ካርዱ በማግሥቱ በኢሜይል መጣ። ስሜን ላይሰንሱን ከፍቼ ፊደል በፊደል እያየሁ ነው የጻፍኩት፣ ካሌብ ባይነግረኝ ኖሮ መጨረሻዋን "ኢ" እዘላት ነበር። ማስታወቂያው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ትናንት ላክሁ። ማስታወሻው ላይ ሲስተር እንዳሉት ጻፍኩ።

ሪክሩተሯ ስለ ልምዱ መለሰችልኝ። "ጥያቄውን አይደለም በይው፣ ለማጣሪያ አንጠቀምበትም፣ ማናጀሯ ታየዋለች" አለች። ኢሜይሉን አስቀምጬዋለሁ።

ወንድም_ካሌብ

ጎበዝ። ኤሲኤልኤሱን ግን አሁን አትሩጪለት። 6 ወር ሰጥተውሻል፣ ብዙ ጊዜ ከገባሽ በኋላ ራሳቸው ከፍለው ይልኩሻል። የልብ ምት የሚታተምበትን የሪትም ስትሪፕ ማንበብ ግን ከአሁኑ ጀምሪ፣ ቴሌሜትሪ ኢንተርቪው ላይ መጠየቃቸው አይቀርም።

ሲስተር_አበበች

እኔ ብትወስደው አልጠላም፣ ልምዱ ላይ ጥያቄ ላለባት ሰው ፍላጎቷን ያሳያል። ገንዘቡ ካላስቸገራት ማለቴ ነው።

ሔለን_ዲሲ

ለሁላችሁም። ደወልኩ። ማናጀሬ ከቨርጂኒያው ፈረቃ አወጣችኝ፣ ግን አልተቆጣችም። ድርጅቱ ቤተስዳ ሌላ ቅርንጫፍ አለው፣ ሜሪላንድ ስለሆነ እዚያ እየሠራሁ ነው። የቨርጂኒያውን ኢንዶርስመንት አስገብቻለሁ። መንገዱ ይረዝማል ግን ደሞዜ አልተቋረጠም።

ማርቲ_ሲልቨር (ከ31 ቀን በኋላ)

በየቀኑ ጠዋት ቡና ከመጠጣቴ በፊት nursys.com እከፍታለሁ። ዛሬም Single State ይላል። ኢንተርቪው አልፌያለሁ። ማናጀሯ የጎንደሩን 4 ዓመት በደንብ ጠየቀችኝ፣ የቁስል ድሬን ቱቦ እንዴት እንደምይዝ፣ ደም ሲፈስ መጀመሪያ ምን እንደማደርግ። ኦፈሩ መጥቷል፣ ግን ላይሰንሱ ኦሪየንቴሽኑ ከመጀመሩ 3 ቀን በፊት መታየት አለበት ይላል። ካልታየ ወደሚቀጥለው ወር ቡድን ያዞሩኛል። 8 ቀን ቀርቶኛል። የነርሲንግ ሆሙን ሥራ መልቀቂያ ልስጥ ወይስ ልጠብቅ?

ሲስተር_አበበች

አትስጪ። ገጹ ላይ Multistate የሚለውን በዓይንሽ እስክታዪ ድረስ አንድ ቃል እንዳትናገሪ። ሪክሩተሯን ግን ዛሬ ጻፊላት፣ የሚቀጥለው ቡድን የሚጀምርበትን ቀንና በዚያ ቡድን ውስጥ ቦታሽ የተያዘ መሆኑን በጽሑፍ ጠይቂ።

ማርቲ_ሲልቨር

እሺ ሲስተር። አሁን እጽፍላታለሁ።